ገንዘቡን ያስገባ ሰው በምን ይወጣል? ስለ ባለሀብት መውጫ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ ቢዝነስ ፕላን እየሠራሁ ነው የምኖረው። ደንበኞቼ ስለ ማሽኑ፣ ስለ ገበያውና ስለ ብድሩ ሲያወሩ ውለው ቢያድሩ አይደክማቸውም። «ገንዘብ ያስገባው ሰው ገንዘቡን መቼ፣ በምን ያወጣል?» ስል ግን ዝም ይላሉ። ከዚያ ጥያቄው በተራው ወደ እኔ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚመጡልኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ።

ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይዤ እሄዳለሁ። ሁለት ሦስት ደንበኞቼን ቀላቅዬ፣ ቁጥሩን ክብ ክብ አድርጌ የሠራሁት ነው። እህትና ወንድም አዳማ ላይ የዶሮ መኖ ማቀነባበሪያ ይከፍታሉ። በቆሎ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ገዝተው፣ ፈጭተውና ቀላቅለው ለሞጆና ለቢሾፍቱ ዶሮ አርቢዎች ይሸጣሉ። ካፒታሉ 10 ሚሊዮን ብር ነው። 7 ሚሊዮኑ የእነሱ ነው። 3 ሚሊዮኑን ያስገቡት መኪናቸውን ሸጠው ከሾፌርነት ያረፉ የሰፈር ሰው ናቸው። ልጆቹ «ጋሼ» ነው የሚሏቸው፤ እኔም እንደዚያው ልበል። ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፤ በመጀመሪያው ሐሳብ የጋሼ ድርሻ 30 በመቶ።

ገና ሳይገቡ ስለ መውጣት ማውራት አያስነውርም?

ሠርግ ላይ ስለ ፍቺ ማውራት የሚመስላቸው አሉ። ጋሼ ግን ዕድሜያቸው 60 አልፏል። ገንዘባቸው መኖ ፋብሪካ ውስጥ እስከ ዘለዓለም እንዲቀመጥ አይፈልጉም፤ ልጅ ይድራሉ፣ ቤት ያድሳሉ። መኪና ቢገዙ ኖሮ ሲፈልጉ ይሸጡት ነበር። የግል ማኅበር ድርሻ ግን እንደ መኪና ደላላ ጠርተው የሚሸጡት ዕቃ አይደለም። ለውጭ ሰው ለማስተላለፍ የሌሎቹ አባላት ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ፣ የሰው ቤተሰብ ድርጅት ውስጥ 30 በመቶ ይዞ መቀመጥ የሚፈልግ ገዢ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ መውጫው ከመግቢያው ጋር አብሮ ካልተጻፈ ጋሼ ገብተው ቀሩ ማለት ነው።

ፕላኑ ላይ የትኛውን መንገድ ልጻፍ? መልሶ መግዛት፣ መጠቅለል ወይስ የትርፍ ድርሻ?

ከኢንተርኔት የተቀዱ ፕላኖች ሦስቱንም ይደረድሩና «እንደ ሁኔታው» ብለው ያልፋሉ። እንዲህ የሚል ፕላን ሳይ ባለቤቱ እንዳላሰበበት ይገባኛል።

የእኔ አስተያየት ይኸው። በአዳማ ልክ ላለ ድርጅት ዋናው መውጫ መሥራቾቹ በስምምነት ዋጋ፣ በየዓመቱ ቁራጭ ቁራጭ አድርገው መልሰው መግዛታቸው ነው። የትርፍ ድርሻ እስከዚያው ባለሀብቱን የሚያቆይ ገቢ ነው። ብቻውን መውጫ አይሆንም፤ ምክንያቱም ድርሻው እዚያው ይቀራል። በትልቅ ድርጅት መጠቅለል ደግሞ ከመጣ ዕድል ነው፤ ዕድል ላይ ፕላን አይሠራም። ከዚህ በታች ብዙውን ጊዜዬን መልሶ መግዛቱ ላይ የማጠፋው ለዚህ ነው።

የሚገዛው ማነው? እኔ ወይስ ድርጅቱ?

ብዙ ሰው «ድርጅቱ ይገዛል» ብሎ ይጽፋል። ድርጅት የራሱን ድርሻ ሲገዛ ግን ከካፒታሉ ገንዘብ እያወጣ ነው። ካፒታል ደግሞ የአበዳሪዎችም መተማመኛ ነው፤ ስለዚህ ሕጉ በሩን ጠበብ ያደርገዋል። ባንክ ካበደራችሁ ባንኩም ዝም አይልም። ቀላሉ መንገድ እህትና ወንድም በግላቸው መግዛታቸው ነው። ድርሻው ከጋሼ ስም ወደ እነሱ ስም ይዞራል፤ የድርጅቱ ካፒታል 10 ሚሊዮን እንዳለ ይቆያል።

ዋጋው እንዴት ይተመናል?

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን በሠራሁት አንድ ፕላን ላይ «በወቅቱ የገበያ ዋጋ ይገዛል» ብዬ ጻፍኩ። ያምር ነበር። ቀኑ ሲደርስ አንዱ ወገን ማሽኑን በዛሬ የዶላር ዋጋ ተመነ። ሌላው ማሽኑ አሮጌ ነው፣ ሼዱም የኪራይ ነው አለ። ነገሩ ሽማግሌ ገብቶበት ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ቆየ። የግል ማኅበር ድርሻ በየቀኑ የሚሸጥበት ገበያ የለም፤ የገበያ ዋጋ የሚባል ነገር ከየት ይመጣል?

አሁን የምጽፈው ቀመር ነው። በምሳሌአችን እንዲህ ተስማሙ፦ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ኦዲት የተደረገ፣ ከግብር በኋላ ያለ ትርፍ አማካይ ይወሰዳል። በ4 ይባዛል። የሚሸጠው ድርሻ ከዚያ ላይ ይሰላል። የሁለት ዓመት አማካይ የተመረጠው በአንድ የደላው ወይም የከፋው ዓመት ማንም እንዳይጎዳ ነው።

በቁጥር እንየው። አንደኛው ዓመት ኪሳራ ነበር። ሁለተኛው 1.2 ሚሊዮን፣ ሦስተኛው 2.4 ሚሊዮን፣ አራተኛው 3 ሚሊዮን ብር አተረፈ። ጋሼ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ልውጣ ቢሉ አማካዩ 1.8 ሚሊዮን ነው። በ4 ሲባዛ ድርጅቱ 7.2 ሚሊዮን ያወጣል፤ 30 በመቶው 2 ሚሊዮን 160 ሺህ። ያስገቡት 3 ሚሊዮን ነበር! ለዚህ ነው ግዢው ከአራተኛው ዓመት በፊት እንዳይጀምር የተደረገው። በአራተኛው ዓመት መጨረሻ አማካዩ 2.7 ሚሊዮን፣ የድርጅቱ ዋጋ 10.8 ሚሊዮን ይሆናል። 30 በመቶው ለሦስት ዓመት ስለተከፋፈለ፣ በዚያ ዓመት የሚገዛው የድርጅቱ 10 በመቶ ብቻ ነው፤ 1 ሚሊዮን 80 ሺህ ብር።

ቀመሩ ላይ ግን አንድ ቀዳዳ አለ። ዋጋው በትርፍ ላይ ከተመሠረተ፣ ትርፉን የሚቆጣጠረው ደግሞ ገዢው ነው። እህትየው ደመወዟን ከ25 ሺህ ወደ 80 ሺህ ብታሳድግ የዓመቱ ወጪ በ660 ሺህ ብር ይጨምራል። ትርፉ ይወርዳል፤ የጋሼ ድርሻም አብሮ ይረክሳል። በቆሎውን ከዘመድ መጋዘን ኩንታሉን ትንሽ ጨመር አድርጎ መግዛትም ያው ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ የመሥራቾች ደመወዝ በቁጥር ይጻፋል። ጭማሪና ከዘመድ የሚደረግ ግዢ የጋሼን ፊርማ ይጠይቃል። ይሄን ስናገር ወንድምየው ተቀይሞኝ ነበር። «እኛን ሌባ ልትለን ነው?» አለ። አይደለም። እነሱ ባይሞክሩትም ጋሼ ትርፉ ባነሰ ቁጥር ይጠረጥራሉ።

መሥራቾቹ የሚገዙበትን ገንዘብ ከየት ያመጣሉ?

ከራሳቸው የትርፍ ድርሻ። መልሶ መግዛትና የትርፍ ድርሻ በፕላን ላይ እንደ ሁለት አማራጭ ይጻፋሉ እንጂ መሬት ላይ አንዱ ሌላውን የሚመግብ ነው።

የአራተኛውን ዓመት 3 ሚሊዮን እንውሰድ። መጀመሪያ 5 በመቶው፣ 150 ሺህ ብር፣ ለመጠባበቂያ ይቀመጣል። 2 ሚሊዮን 850 ሺህ ይቀራል። ጠቅላላ ጉባኤው 1.5 ሚሊዮኑን እናከፋፍል ቢል፣ 70 በመቶ ያላቸው መሥራቾች 1 ሚሊዮን 50 ሺህ ይደርሳቸዋል። ከዚያም ላይ ግብር ይቆረጣል። የሚገዙት ደግሞ 1 ሚሊዮን 80 ሺህ ብር ነው። አልደረሰም።

1.8 ሚሊዮን ቢያከፋፍሉ ለመሥራቾቹ 1 ሚሊዮን 260 ሺህ ይሆናል። ግብሩ ሲወጣ እዚያው ግድም ነው የሚያርፈው። ጋሼ ደግሞ በዚያው ዓመት 540 ሺህ የትርፍ ድርሻ ይወስዳሉ። የግብሩን መጠን ሆን ብዬ አልጻፍኩም፤ የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ተሻሽሏልና የምትሠሩበትን ዓመት መጠን ከሂሳብ ሠራተኛችሁ ውሰዱ። «እንግዲያው አናከፋፍልም፣ ግብሩም ይቅር» የሚሉም አሉ። ሳይከፋፈልና ወደ ካፒታል ሳይዞር በተቀመጠ ትርፍ ላይም ግብር አለ። እዚያ በር ላይም ሰው ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ኦዲቱ ትርፍ ይላል፤ ባንክ ውስጥ ግን ብር የለም። እንዴት ነው ነገሩ?

ይሄ ከሁሉም የበለጠ የምወደው ጥያቄ ነው፤ መልሶ መግዛት የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ ስለሆነ።

የመኖ ሥራን አስቡ። በቆሎ የሚገዛው አዝመራ ሲገባ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ያኔ ይረክሳላ። ያ በቆሎ እስከ ሚቀጥለው አዝመራ መድረስ አለበት። የሂሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ መጋዘኑ ውስጥ ገና እስከ ጥቅምት የሚያደርስ ጆንያ ተደርድሯል። አርቢዎቹም በዱቤ ነው የሚወስዱት። ሁዳዴ ሲገባ እንቁላል የሚበላ ሰው ይቀንሳል፤ አርቢው እንቁላሉ ካልተሸጠ መኖ አቅራቢውን አይከፍልም። ስለዚህ 3 ሚሊዮን ትርፍ ያለው ድርጅት ሰኔ 30 ቀን ሂሳቡ ውስጥ 700 ሺህ ብር ብቻ ቢገኝ አይግረማችሁ። ትርፉ አልጠፋም። ግማሹ ጆንያ፣ ግማሹ የሰው ዕዳ ሆኖ ነው።

ታዲያ ውሉ «ሐምሌ 1 ቀን ይከፈላል» ካለ ምን ይሆናል? ወይ ዱቄትና በቆሎው በርካሽ ይሸጣል፣ ወይ አጭር ብድር ይወሰዳል፣ ወይ ክርክር ይጀመራል። እኛ ክፍያውን ሁለት ቦታ ከፈልነው። የመጀመሪያው ግማሽ ጥቅምት መጨረሻ። ያኔ የእንቁጣጣሽ ሽያጭ ዕዳ ተሰብስቧል፣ መጋዘኑም ወደ ብር ተቀይሯል። ግብር የሚታወጀውም እስከ ጥቅምት 30 ስለሆነ ሂሳቡ ተዘግቶ በእጅ አለ። ሁለተኛው ግማሽ ግንቦት፣ የፋሲካ ዕዳ ከተሰበሰበ በኋላ።

አንድ መፈተኛም ጨመርን። ድርጅቱ በወር 3 ሚሊዮን ብር ገደማ ጥሬ ዕቃ ይገዛል። ከክፍያው በኋላ ባንክ ውስጥ ቢያንስ ያ 3 ሚሊዮን መቅረት አለበት። ጥቅምት ላይ 4.2 ሚሊዮን ነበር፤ የሚከፋፈለው ግማሽ 900 ሺህ ነው፤ 3.3 ሚሊዮን ይቀራል፣ አለፈ። ግንቦት ላይ ግን 3.5 ሚሊዮን ብቻ ተገኘ። ሊወጣ የሚችለው 500 ሺህ ሆነ። 400 ሺህ ወደ ጥቅምት ተላለፈ። ጋሼ አልተከፉም፤ ይሄ እንደሚሆን ቀድሞ ተጽፎ አይተውታል።

ቢተላለፍ፣ ቢተላለፍ፣ ባይከፈልስ?

ማስተላለፍ ወሰን ያስፈልገዋል። አለበለዚያ «ካሽ የለም» የሚለው ቃል ዘፈን ይሆናል። እኛ የጻፍነው እንዲህ ነው፦ የተላለፈው ድርሻ ዋጋው በመጀመሪያው ቀመር ወይም በአዲሱ ዓመት ቀመር፣ ከፍ ባለው ይሰላል። ሁለት ተከታታይ ክፍያ ካለፈ ጋሼ የቀረ ድርሻቸውን ለውጭ ገዢ ማቅረብ ይችላሉ፤ መሥራቾቹ በዚያው ዋጋ በ60 ቀን ውስጥ ካልገዙ ፈቃዳቸውን መከልከል አይችሉም። ይሄ የመጨረሻው ሐረግ ካልተጻፈ መብቱ ባዶ ነው።

ዕቁብ የጣለ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል። ዕጣው የደረሰው ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል አይደል?

በመጨረሻ ጋሼ ስንት አገኙ?

በአምስተኛው ዓመት ትርፉ 3.6 ሚሊዮን፣ በስድስተኛው 4 ሚሊዮን ቢሆን፣ ሁለተኛው 10 በመቶ 1 ሚሊዮን 320 ሺህ፣ ሦስተኛው 1 ሚሊዮን 520 ሺህ ብር ይሸጣል። ከመጀመሪያው ጋር 3 ሚሊዮን 920 ሺህ። የትርፍ ድርሻ ደግሞ 540 ሺህ፣ ከዚያ ከ2 ሚሊዮን ላይ በ20 በመቶ 400 ሺህ፣ ከ2.2 ሚሊዮን ላይ በ10 በመቶ 220 ሺህ። ሲደመር ከግብር በፊት 5 ሚሊዮን 80 ሺህ።

3 ሚሊዮን ገብቶ 5 ሚሊዮን ወጣ ሲባል ጥሩ ይመስላል። ግን ገንዘቡ የተመለሰው ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ቆይቶ ነው። በዓመት ሲሰላ ወደ 10 በመቶ ገደማ ነው። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ በሆነበት አገር፣ በዓመት 10 በመቶ ለዚህ ሁሉ ስጋት አያጓጓም። ማባዣው ከ4 ወደ 5 ቢሄድ ወደ 14 በመቶ ይጠጋል፤ ያኔ ግን የመጀመሪያው ግዢ 1 ሚሊዮን 350 ሺህ ይሆንና መሥራቾቹ ከትርፉ ከ2 ሚሊዮን በላይ ማከፋፈል አለባቸው። ለበቆሎ ምን ተረፈ?

እውነቱን ለመናገር እነዚህን ቁጥሮች ለጋሼ ሳሳያቸው ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ 30 በመቶው አነሰብኝ ማለት ነው» አሉ። ልክ ናቸው። መውጫውን ስንሠራ የተበላሸ ሆኖ የተገኘው የመግቢያው ዋጋ ነው። ገና ሥራ ላልጀመረ ድርጅት ካፒታሉን በብር ለብር መካፈል ለመሥራቹ ይመቻል፣ ለባለሀብቱ ግን ብዙም አይተርፍም። ከብዙ ንግግር በኋላ 36 በመቶ ላይ ተስማሙ።

«ቢከስርም ባይከስርም በዓመት 20 በመቶ እሰጣለሁ» ብዬ ብጽፍስ? ባለሀብቶች ይወዱታል።

አትጻፉ። ትርፍ ኖረም አልኖረም የሚከፈል ገንዘብ ብድር ነው፤ ድርሻ ያለው ሰው ኪሳራም ይካፈላል። አባልን ከኪሳራ ጨርሶ ነፃ የሚያደርግ አንቀጽ ፍርድ ቤት ፊት አይቆምም። ብድር ከሆነ ደግሞ ብድር በሉትና እንደ ብድር ተዋዋሉ።

ትልቅ ድርጅት መጥቶ ቢጠቀልለንስ?

ይምጣ! ግን የሚመጣው ሰው ምን እንደሚያይ እወቁ። የመኖ ማቀነባበሪያ የሚገዛው ወይ ትልቅ የዶሮ እርባታ፣ ወይ ዱቄት ፋብሪካ ነው። መጀመሪያ የሚጠይቀው ቦታውን ነው፤ ሊዝ ነው ወይስ ኪራይ? ሼዱ የኪራይ ከሆነ የሚገዛው ማሽንና ደንበኛ ብቻ ነው፤ ደንበኛ ደግሞ በዱቤ የለመደ አርቢ ነው።

ከዚያ መዝገቡን ይከፍታል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይወድቃሉ። ለግብር የሚታይ አንድ መዝገብ፣ ለቤት የሚታይ ሌላ መዝገብ ያላቸው አሉ፤ የምታውቁት ነው። ገዢ ግን የሚከፍለው በታወጀው ትርፍ ልክ ነው። «እውነተኛው ትርፍ እጥፍ ነው» ማለት ለገዢው «የተደበቀ የግብር ዕዳም አብረህ ትገዛለህ» ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ገዢ ድርሻውን ትቶ ንብረቱን ብቻ ልግዛ ይላል። ያኔ ገንዘቡ የሚገባው ለድርጅቱ ነው፤ ጋሼ ድርሻቸውን የሚያገኙት ዕዳና ግብር ከተከፈለ በኋላ ከተረፈው ነው።

ፕላኑ ላይ የምጽፈው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፦ መሥራቾቹ ለሌላ ሲሸጡ ጋሼም የቀረ ድርሻቸውን በዚያው ዋጋ አብረው ይሸጣሉ። ገዢው «ሙሉውን ካልወሰድኩ አልገዛም» ካለም ጋሼ እንቢ አይሉም።

አክሲዮን ገበያ ተከፍቷል አይደል? እዚያ መሸጥ አይቻልም?

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ሥራ ጀምሯል፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ባንክ ነው። የግል ማኅበር እዚያ አይሸጥም፤ መጀመሪያ አክሲዮን ማኅበር መሆን አለበት። በዓመት 3 ሚሊዮን ለሚያተርፍ መኖ ቤት የምዝገባውና የኦዲቱ ወጪ ብቻ ከባድ ነው። ፕላናችሁ ላይ ባትጽፉት ማንም አይታዘባችሁም።

ባለሀብቱ ዳያስፖራ ወይም የውጭ ዜጋ ቢሆንስ?

ቀመሩ ያው ነው። የሚለየው ዶላሩ ሲገባ መመዝገቡ ነው። በውጭ ምንዛሪ የመጣ ካፒታል በወቅቱ ካልተመዘገበ፣ የትርፍ ድርሻውንም የሽያጩን ገንዘብም በውጭ ምንዛሪ መልሶ ለመላክ መሠረት አይኖረውም። በዘመድ እጅ፣ በጥቁር ገበያ ከገባ ደግሞ ጨርሶ አልገባም ማለት ነው።

ክፍያው ሲፈጸም ወረቀቱ ምን ምን ነው?

በየግዢው ይደጋገማል፤ ለዚህ ነው ሦስት ጊዜ እንጂ አሥር ጊዜ አትከፋፍሉት የምለው። የአባላት ቃለ ጉባኤ ይያዛል። የግብር ክሊራንስ ይወጣል። የድርሻ ማስተላለፊያው ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይፈረማል፤ ያገባ ሰው የትዳር ጓደኛውን ይዞ ይሂድ፣ አለበለዚያ ከመስኮቱ ይመለሳል። ከዚያ የተሻሻለው መመሥረቻ ጽሑፍ ንግድ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል።

ጋሼ የመጀመሪያውን ገንዘብ የተቀበሉት ቼኩን አይተው አይደለም። ወንድምየው ብሩን በሞባይል አስተላለፈ፤ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው መልእክቱን ሁለቴ አነበቡና ከዚያ ፈረሙ። ገንዘቡና ፊርማው በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይሁኑ። «ፈርምና ነገ አስገባልሃለሁ» የሚባል ነገር የለም፤ ለወንድምም ቢሆን።